የደከመ ግራፊክስ ካርድ በምን ይታወቃል?

መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ለወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማይኒንግ» የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ ለጌም የተሠሩ ግራፊክስ ካርዶችን በመደርደሪያ ላይ ደርድረው ሌት ተቀን ሲያሠሯቸው ቆይተዋል። ከለውጡ በኋላ ኢቴሪየም ካርዶቹን ስለማይፈልግ ባለቤቶቻቸው በገፍ ገበያ አወጧቸው። ዛሬ ያገለገለ ወይም ታድሶ የቀረበ የጌም ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው፣ ውስጡ አርቲኤክስ 3080 ወይም አርኤክስ 580 ካገኘ፣ ካርዱ በዚያ ሥራ ያለፈ ሊሆን እንደሚችል መገመት አለበት።

ለዚህም ነው ብዙ ገዢ ገና ከመነሻው «ማይኒንግ ተሠርቶበታል?» ብሎ የሚጠይቀው። መልሱ ግን ብዙ አይጠቅምም። ሻጩ «አልተሠራበትም» ቢል ማረጋገጫ የለውም፤ «ተሠርቶበታል» ቢልም ካርዱ አበቃለት ማለት አይደለም። ሥራውን የሚያውቁ ማይነሮች የመብራት ወጪ ለመቆጠብ የዋናውን ቺፕ ኃይል ቀንሰው ነው የሚያሠሩት፤ ሙቀቱም ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ጌም የሚጫወት ሰው ካርድ ግን ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ መልሶ ይግላል። ይህ መላልሶ መለጠጥና መኮማተር ከቺፑ ሥር ያሉትን ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ያደክማል። እንግዲህ ዋናው ነገር የካርዱን ታሪክ ማወቅ ሳይሆን፣ የትኛው ክፍሉ እንደደከመና የደከመው ክፍል የሚጠገን መሆን አለመሆኑን መለየት ነው።

ቶሎ የሚያረጁት ከዋናው ቺፕ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ናቸው። ፋኖቹ ያለ እረፍት ሲዞሩ ከርመው መሽከርከሪያቸው ይላላል። በቺፑና በሙቀት ማስወገጃው ብረት መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ይደርቃል። በሜሞሪ ቺፖቹ ላይ የሚለጠፉት ለስላሳ ቴርማል ፓዶች ዘይታቸው ይወጣና ይደርቃሉ። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ወጪ የሚቀየሩ ናቸው። ሜሞሪው ራሱ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ ቆይቶ ከተጎዳ ግን ቺፑን ነቅሎ መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህንን በአግባቡ የሚሠራ ባለሙያና መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም።

ምርመራው የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ሳይበራ፣ በዓይንና በእጅ ነው። ፋኑን በጣት ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ወደ ጎንም ነካ አድርጎ መንቀጥቀጡን ማየት ይጠቅማል። ሞኒተር የሚሰካበት ብረት ከዛገ ካርዱ እርጥበት ባለበት ቦታ ከርሟል። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ የሚታይ ቅባት ከቴርማል ፓዱ የወጣ ዘይት ስለሆነ ብዙም አያስደነግጥም። በዋናው ቺፕ ዙሪያ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ከታየ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ቺፑ በሙቅ አየር ተሞቆ ብየዳው እንደገና እንዲቀልጥ የተደረገ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተነሳ ካርድ ለጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ተመልሶ መሞቱ የተለመደ ነው። «ታድሷል» የተባለ ካርድ ሲቀርብ ምን እንደታደሰ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አቧራ ጠርጎ ፔስት መቀየርና የሞተ ቺፕ አሙቆ ማስነሳት ለየቅል ናቸው።

ቀጥሎ በነፃ የሚገኘውን `GPU-Z` መክፈት ነው። ካርዱ ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ አሮጌ ሞዴል ከሆነ ፕሮግራሙ ከስሙ ፊት `[FAKE]` የሚል ምልክት ያወጣል። `Bus Interface` የሚለው መስመር ደግሞ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በስንት መስመር እንደተገናኘ ያሳያል። አርቲኤክስ 3080 በ`x16` መገናኘት አለበት፤ `x8` ወይም `x4` ካሳየ የካርዱ መሰኪያ ቆሽሾ ወይም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ነቅሎ አጽድቶና ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሰክቶ ማየት ያስፈልጋል።

ዋናው ፈተና ካርዱ ሲለፋ ነው። ሻጩ ፊት `FurMark` ከፍቶ ካርዱን ለ15 ደቂቃ ያህል ማሠራትና በ`GPU-Z` የ`Sensors` ገጽ ላይ ሦስት ቁጥሮችን መከታተል ነው፤ `GPU Temperature` የቺፑን ሙቀት፣ `Hot Spot` ከቺፑ እጅግ የጋለውን ነጥብ፣ `Memory Temperature` ደግሞ የሜሞሪውን ሙቀት ያሳያሉ።

ለምሳሌ አንድ አርቲኤክስ 3080 ከ15 ደቂቃ በኋላ የቺፑ ሙቀት 72 ዲግሪ፣ `Hot Spot` ግን 103 ዲግሪ አሳየ እንበል። 72 ብቻውን ሲታይ ጤነኛ ቁጥር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን 31 ዲግሪ ነው፤ በደህና ካርድ ላይ ይህ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። የልዩነቱ መስፋት ፔስቱ መድረቁን ወይም የሙቀት ማስወገጃው ብረት በቺፑ ላይ እኩል አለመቀመጡን ይጠቁማል። እዚያው ካርድ ላይ ሜሞሪው ወደ 110 ዲግሪ ከተጠጋ ፓዶቹም ሥራቸውን አቁመዋል ማለት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሜሞሪ 110 ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስክሪኑ ላይ ምንም እንከን ካልታየ ግን ይህን ካርድ ጥሎ መሄድ አያስፈልግም። የፔስቱን፣ የፓዱንና የባለሙያውን ዋጋ ከተጠየቀው ላይ አስቀንሶ መግዛት ይቻላል። የተሻለው ደግሞ ሻጩ ራሱ አስቀይሮ ሙከራው እንዲደገም ማድረግ ነው፤ ልዩነቱ ከጠበበ ችግሩ ተፈትቷል።

`FurMark` ቺፑን እንጂ ሜሞሪውን ያን ያህል አያስጨንቀውም። ስለዚህ በ`OCCT` የ`VRAM` ፈተና ማካሄድ፣ ከዚያም አንድ ከባድ ጌም ለ20 ደቂቃ ያህል መጫወት ተገቢ ነው። ፈተናው ስህተት ከቆጠረ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ቅርጽ ወይም መስመር ብቅ ካለ፣ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሜሞሪው ወይም የብየዳው ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ሻጩ «የድራይቨር ነው» ካለ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ከዚያም በኋላ ከታየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት ነው። በተለይ አርኤክስ 580 ላይ ድራይቨሩ አልጫን ካለ ግን ለማይኒንግ ተብሎ ባዮሱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይህ የሶፍትዌር ጉዳይ በመሆኑ ትክክለኛውን የፋብሪካ ባዮስ በመመለስ ይስተካከላል።

ሙሉ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው የቀሩት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። በ`CrystalDiskInfo` የኤስኤስዲውን `Power On Hours` ማየት ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ኮምፒውተር 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ ነው። ለአርቲኤክስ 3080 ኤንቪዲያ የሚመክረው 750 ዋት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። `100-240V` የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ግን `115` እና `230` የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሌላውንም ክፍል ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህን ጊዜ የማይሰጥ፣ ኮምፒውተሩን ሳይሰካ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል። ሙከራውን ያለፈውንም ቢሆን የካርዱ መለያ ቁጥር የተጻፈበትና ቢያንስ የአንድ ወር ዋስትና የሰፈረበት ደረሰኝ ተቀብሎ መግዛት ነው። በሙቅ አየር የተነሳ ካርድ በአንድ ሰዓት ሙከራ ላይታወቅ ይችላል፤ የሚያጋልጠው የሳምንታት አጠቃቀም ስለሆነ ዋስትናው ያን ያህል መቆየት አለበት።