ሰዓቱ ለምን ይቀድማል?

በኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሲገለጽ ኢንዳክተር፣ እጅግ ትንሽ ካፓሲተርና ሬዚስተር በተከታታይ የተያያዙበት ሰርኪዩት ነው፤ የብረት ገጾቹ የሚፈጥሩት ሌላ ካፓሲተር ደግሞ ከእነዚህ ጋር በትይዩ ይቆማል።

ኢንዳክተሩና ትንሹ ካፓሲተር ሲጣፉ ተከታታይ ሬዞናንስ ይገኛል፤ ትይዩው ሬዞናንስ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ሰዓቱ የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። ቦታውን የሚወስነው ከውጭ የሚጨመረው የጭነት ካፓሲታንስ ነው፤ ጭነቱ ሲያንስ ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል።

ትንሹ ካፓሲተር 0.003፣ ትይዩው 1 ፒኮፋራድ ነው እንበል። ለ12.5 ፒኮፋራድ ጭነት የተሠራው ይህ ክሪስታል 6 ብቻ ካገኘ ሰዓቱ በቀን 9 ሰከንድ ያህል ይቀድማል።

መፍትሔው ከእያንዳንዱ የክሪስታሉ እግር ወደ መሬት መስመር ባለ 20 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ማገናኘት ነው። ሁለቱ በተከታታይ ስለሚቆጠሩ 10 ይሰጣሉ፤ ቀሪውን 2.5 ያህል የሰርኪዩቱ ሽቦዎች ይሞሉታል። ክሪስታል ሲገዙ የጭነቱን ቁጥር ሳይጠይቁ አይውሰዱ።