ኪሎው ያው ኪሎ ነው

ባልትና የምትሸጥ ሴት ዋጋ ልትጨምር ስትል የዛላ በርበሬ ፎቶ መምረጡ አያስቸግራትም። ጭንቁ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ተጽፎ የማየው ይህ ነው፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት መጠነኛ የዋጋ ማስተካከያ ማድረጋችንን በአክብሮት እንገልጻለን። ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ይህን ያነበበ ሰው ስንት እንደተጨመረ አላወቀም፣ ለምን እንደተጨመረም አልተነገረውም። «ማስተካከያ» ሲባል ጭማሪ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ገዢ የለም። «መጠነኛ» ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ደግሞ የሚፈርደው ከፋዩ ነው። ዋጋው በውስጥ መስመር ሲሆንማ ለእኔና ለጎረቤቴ የሚነገረው አንድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በበርበሬ ላይ ይሄ ጥርጣሬ ይበረታል። የበርበሬ ደንበኛ ሾላ ወይም መርካቶ ወጣ ብሎ የዛላውን ዋጋ ጠይቆ ያውቃል። ዛላው ተወዶ የተፈጨው ባለበት ቢቆም እንኳ «ምን ቀላቅላበት ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሳይጨምሩ ኪሎውን ወደ 900 ግራም ዝቅ ማድረግ ወይም ኮረሪማውን መቀነስ መፍትሔ መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም። ለዓመታት ያንን በርበሬ ያቁላላች እጅ ልዩነቱን ከድስቱ ታውቀዋለች።

እንግዲህ ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ሒሳቡ ይሠራ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ 700 ብር ይሸጥ ነበር እንበል። ለዚያ ኪሎ የሚገባው ዛላ ከ360 ወደ 450 ብር ወጣ፤ ወፍጮውና መያዣው ደግሞ 10 ብር ጨመሩ። ሻጯ ላይ የመጣው ጭማሪ 100 ብር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዛላው በሩብ ስለተወደደ የመሸጫ ዋጋውንም በሩብ ያሳድጉና 875 ብር ይላሉ። ቅመሙ፣ ቅንጠሳውና የራሷ ድካም ግን አልተወደዱም። 75 ብሩ ከየት መጣ ቢባል መልስ የለም። የድካሟን ዋጋም ከፍ ማድረግ ከፈለገች መብቷ ነው፤ ግን እሱንም በስሙ ትጥራው እንጂ በዛላው አታሳብብ።

ሒሳቡ ከተጣራ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የበርበሬያችን ዋጋ ከመጋቢት 1 ጀምሮ በኪሎ ከ700 ወደ 800 ብር ይጨምራል። ለአንድ ኪሎ የሚገባው ዛላ በ90 ብር፣ ወፍጮና መያዣ በ10 ብር ተወደውብናል። ኪሎው ያው ኪሎ ነው፤ ቅመሙም አልተነካም። የሽሮ ዋጋ አልተለወጠም። እስከ የካቲት 30 ማታ ያዘዛችሁ፣ ዕቃውን በኋላ ብትወስዱም በ700 ብር ነው፤ ለአንድ ደንበኛ እስከ 5 ኪሎ።»

ዋጋው መጀመሪያ መስመር ላይ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንስታግራም ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሳይነካ የሚታየው መጀመሪያው፣ 125 ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ሰላምታና ምስጋና ያንን ቦታ ከያዙት ደንበኛው ጭማሪውን የሚሰማው ሊከፍል ሲል ነው። ቅሬታ የሚወለደውም ያኔ ነው። «እስከ 5 ኪሎ» የሚለው ገደብም ቸርቻሪ መጥቶ በአሮጌው ዋጋ ጠራርጎ እንዳይወስደው ነው። ውጭ አገር ላሉ ልጆቿ በመንገደኛ ለመላክ 10 ኪሎ የምታዝ እናት ካለች ግን ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት ስልክ ይደወልላት፤ እንዲህ ያለች ደንበኛ ዜናውን ከፎቶ ሥር ማንበብ የለባትም።

ቀኑም ይታሰብበት። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መናገር ደመወዝ ጠባቂውን ያደርሰዋል። በፋሲካ ዋዜማ የወጣ ጭማሪ ግን ምክንያቱ እውነት ቢሆንም «በዓል አይታ ነው» ያሰኛል። «ዛላው ሲረክስ እንቀንሳለን» የሚል ቃልም ሲረክስ በርግጥ የምትቀንስ ካልሆነች አይጻፍ፤ ሾላ የሚወጣው ደንበኛ ያስታውሰዋል።

ከመጋቢት 1 በኋላ ስልኩ ጸጥ ይላል። ብዙ ሻጮች እዚህ ላይ ደንግጠው ቅናሽ ያውጃሉ፤ ያን ጊዜ በ700 ተሽቀዳድሞ የገዛውም፣ በ800 የከፈለውም እኩል ይቀየማል። ጸጥታው በአብዛኛው የመጣው ሰዉ በአሮጌው ዋጋ ገዝቶ ዕቃ ቤት ስላስቀመጠ ነው። 5 ኪሎ በርበሬ ደግሞ በሁለት ሳምንት አያልቅም። ደንበኛ መሄድ አለመሄዱን የሚነግራት የትዕዛዝ ደብተሯ ነው፦ በየሦስት ወሩ ይገዙ የነበሩትን ስም ነጥላ ታውጣ፣ ሰኔ ሲገባ ማን ተመልሶ እንዳዘዘ ትይ። ያልተመለሱት ጋ ደውላ «በርበሬው አለቀ ወይ?» ብትል፣ ዋጋው ከብዷቸው እንደሆነ ከድምፃቸው ትረዳለች፤ ግማሽ ኪሎም በ400 ብር እንደምትሰጥ ያኔ ትነግራቸዋለች።