የተቆረጠው ሰከንድ የት ነው? ሁለት የቪዲዮ ቅጂዎችን ማስተያየት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ቲም ዴቪ ሥራቸውን የለቀቁበት ውዝግብ መነሻው አንድ የቪዲዮ ቅጥያ ነበር። ፓኖራማ የተባለው ፕሮግራም በ2024 ባሰራጨው ዘገባ፣ ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካደረጉት ንግግር ከ50 ደቂቃ በላይ ተራርቀው የተነገሩ ሁለት ሐሳቦችን እንደ አንድ አያይዞ አቅርቧል። ሙሉው ንግግር በሁሉም እጅ ስለነበረ ቅጥያውን ለማሳየት የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገም፤ እያንዳንዱ ሐሳብ በስንተኛው ደቂቃ እንደተነገረ ማየት በቂ ነበር። በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ቁልፉም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ቅጂዎችን የሚያስተያይ ሰው ከምስሉ በፊት ሰዓቱን ማመሳከር አለበት።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በተቃራኒው ነው። አንዱን ቪዲዮ ከሌላው ላይ ደርቦ ምስል ከምስል ይቀንሳል፦

```
ffmpeg -i a.mp4 -i b.mp4 -filter_complex "[0:v]format=gbrp[a];[1:v]format=gbrp[b];[a][b]blend=all_mode=difference,format=yuv420p" -an diff.mp4
```

ተመሳሳይ የሆነው ቦታ ጥቁር ሆኖ፣ የተለየው እየደመቀ ይወጣል። ችግሩ፣ ከአንዱ ቅጂ ሁለት ሰከንድ ብቻ ቢቆረጥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለሚዛነፍ እስከ መጨረሻው ድረስ የተለየ መስሎ መታየቱ ነው። በዚያ ላይ ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያልፍ እንደገና ይጨመቃል፤ ማንም ሳይነካውም እያንዳንዱ ፍሬም ከመጀመሪያው በመጠኑ ይለያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ፍሬም ሻካራ አሻራ ይወሰድለታል። በተለመደው አንድ ዘዴ ምስሉ በአግድም 9 በቁመት 8 ነጥብ ወደሆነ ግራጫ ሥዕል ይቀነስና፣ እያንዳንዱ ነጥብ በቀኙ ካለው ይደምቃል ወይስ አይደምቅም ተብሎ 64 መልስ ይያዝለታል። ከ64ቱ የሚለያዩት ጥቂት ከሆኑ፣ ጭመቃው ቢለያይም ሁለቱ ፍሬሞች አንድ ምስል ናቸው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የአጭሩ ቅጂ እያንዳንዱ ሰከንድ በረጅሙ ቅጂ ውስጥ የት እንደሚገኝ ተፈልጎ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይመዘገባል። ለምሳሌ እስከ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ድረስ ርቀቱ ዜሮ ሆኖ ቆይቶ፣ በድንገት ወደ 7 ዘሎ እዚያው ቢረጋ፣ በዚያ ቦታ 7 ሰከንድ ተቆርጧል። በመካከሉ ጥቂት ፍሬሞች ተጓዳኝ አጥተው ርቀቱ ግን ባይለወጥ፣ ምስሉ ተተክቷል ማለት ነው። ከማዕዘን ላይ የጠፋች ትንሽ ዕቃ ግን ከዚህ ሻካራ አሻራ ታመልጣለች፤ እርሷን የሚያወጣት ቅጂዎቹ ከተመሳከሩ በኋላ በሙሉ መጠን የሚደረገው ቅነሳ ነው።

ርቀቱ ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። በሜይ 2019 የተሰራጨው የናንሲ ፔሎሲ ቪዲዮ፣ ዋሽንግተን ፖስት እንዳሳየው፣ ወደ 75 ከመቶ ገደማ እንዲዘገም ተደርጎ ነበር፤ በዋናው በ30ኛው ሰከንድ የተነገረው ቃል በዚህኛው በ40ኛው ይሰማል። ሆኖም የፍጥነት ልዩነት ሁሉ ክፋት አይደለም። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ የ100 ደቂቃ ፊልም ለአውሮፓ ቴሌቪዥን በ25 ሲጫወት 96 ደቂቃ ይሆናል፤ የጎደሉትን 4 ደቂቃዎች ሳንሱር ቆረጣቸው ብሎ የሚከስ ተሳስቷል።

ከሁሉ የከበደው ክርክር የኖቬምበር 7 ቀን 2018ቱ ነው። የሲኤንኤኑ ጂም አኮስታ በዋይት ሐውስ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ማይክሮፎን ልትቀበለው ከመጣች ወጣት ሠራተኛ ጋር ክንዳቸው ተነካካ፤ ቃል አቀባይዋ ሣራ ሳንደርስ ያሰራጩት አጭር ቅጂ ግን የእጁን እንቅስቃሴ ከሲ-ስፓን ቀረጻ ይልቅ ኃይለኛ አስመስሎታል። ቅጂውን ያዘጋጀው የኢንፎዋርሱ ፖል ጆሴፍ ዋትሰን ምስሉን አጉልቼዋለሁ እንጂ አላፈጠንኩትም፣ የወሰድኩትም ከጂአይኤፍ ፋይል ነው ብሎ ተከራከረ። መከራከሪያው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ቪዲዮ ወደ ጂአይኤፍ ሲለወጥ ፍሬሞች ሊጎድሉ፣ ተመልሶ ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ሊደገሙ ይችላሉ። ነገር ግን የመቀየሪያ ጉድለት ብዙውን ጊዜ በቅጂው ሁሉ ላይ ይበተናል። የስቶሪፉል መርማሪዎች በሲ-ስፓን ቀረጻ ውስጥ የሌሉ የተደገሙ ፍሬሞችን አገኙ። አሶሺየትድ ፕሬስ ያነጋገረው ባለሙያ ደግሞ ፍሬሞቹ ባሉበት እንዲቆሙ የተደረገው የፈጠነው ክፍል ያሳጠረውን ጊዜ ለማካካስ ነው አለ። ርቀቱ ወጥቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የሁለቱ ቅጂዎች ጠቅላላ ርዝመት ስለሚገጥምም ርዝመትን ብቻ የለካ ሰው ምንም አያገኝም። ክርክሩን የሚለየው ፈተና የሲ-ስፓኑን ቀረጻ ዋትሰን በጠቀሰው መንገድ ሁሉ አሳልፎ ያው ድግግሞሽ በዚያው ቦታ ይወጣ እንደሆነ ማየት ነው። ከወጣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ካልወጣ የሰው እጅ አለበት። ማን፣ ለምን አደረገው የሚለውን ግን የትኛውም የፍሬም ንጽጽር አይነግረንም። አንድ ነገር ግን ያለ ፈተናም ግልጽ ነበር፦ የተሰራጨው ቅጂ ድምፅ አልነበረውም፤ አኮስታ ለሠራተኛዋ «ይቅርታ እመቤት» ሲል የሚሰማው በሲ-ስፓኑ ቀረጻ ላይ ብቻ ነው።