ሪሌው ስንት ሰዓት ወሰደብን?

ጠርሙስ የሚሞላ ፋብሪካ ውስጥ ያለ የጥገና ባለሙያ የድሮው የሪሌ ፓኔል በፒኤልሲ እንዲተካ ሲጠይቅ፣ ኢሜይሉን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ነው። ከዚያ ፓኔሉ ማርጀቱን፣ ፒኤልሲ ደግሞ ዘመናዊ መሆኑን ያትታል። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ሲጨርስ በእጁ የሚቀረው ገንዘብ መጠየቁ ብቻ ነው። ማርጀት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ በደንብ የተያዘ አሮጌ ማሽን ለዓመታት ያገለግላል። ኢሜይሉን የሚያጸናው ፓኔሉ ራሱ መስመሩን ስንት ሰዓት እንዳቆመ ከሌሎቹ ምክንያቶች ለይቶ ማሳየቱ ነው።

ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ትንሽ ብረት ስቦ ኮንታክት የሚባሉትን ነጥቦች ያገናኛል። «ጠርሙስ ከሌለ አትሙላ»፣ «ክዳን ካለቀ ቁም»፣ «ከፊት ያለው ኮንቬየር ከሞላ ጠብቅ» የሚሉት የመስመሩ ሕጎች በሙሉ በሪሌዎች መካከል በተዘረጋ ሽቦ የተጻፉ ናቸው። አንዱን ሕግ ለመቀየር ሽቦ ነቅሎ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሌላ መፍትሔ እንዲፈለግ የጠየቁት በዚህ የተነሳ ነበር፤ የመኪና ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ፓኔሎቹም አብረው ይፈርሱ ነበር። ከዚያ ጥያቄ ሞዲኮን 084 የተባለው መሣሪያ ተወለደ። ፒኤልሲ ሕጉን ከሽቦ አውጥቶ በፕሮግራም ይይዘዋል። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት «ላደር» የተባለው ሥዕልም የሪሌ ሥዕልን እንዲመስል ተደርጓል፤ ኤሌክትሪሺያኖች አዲስ ነገር ከባዶ ሳይማሩ እንዲያነቡት።

ሪሌ የሚያልቀው በዕድሜ ሳይሆን በሥራ ብዛት ነው። በሰዓት 12,000 ጠርሙስ የሚሞላ መስመር እንውሰድ። 24 ጠርሙስ በያዘ ሳጥን ሲቆጠር በሰዓት 500 ሳጥን ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንዴ የሚከፈትና የሚዘጋ ሪሌ በሁለት ፈረቃ፣ ማለትም በ16 ሰዓት፣ 8,000 ጊዜ ይሠራል፤ በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢኖር 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ይደርሳል። የተለመደ ሪሌ ያለ ጭነት 10 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ሙሉ ጭነት ሲያበራና ሲያጠፋ ግን ብዙ አምራቾች ቃል የሚገቡት 100,000 ጊዜ አካባቢ ነው። በተለይ የሶሌኖይድ ቫልቭ ሲጠፋ በኮንታክቱ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው ብረቱን እየበላ ያጠቁረዋል።

የጠቆረ ኮንታክት አንዴ ያስተላልፋል፣ አንዴ እምቢ ይላል። መስመሩ ይቆማል፤ ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ፓኔሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ይነሣል። መዝገቡ ላይም «ተስተካክሏል» ተብሎ ይጻፋል። ብልሽቱ ግን እዚያው አለ። ኢሜይሉን ያለ ማስረጃ የሚያስቀረው ይህ አንድ ቃል ስለሆነ፣ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር እያንዳንዱ መቆም በምክንያቱ መመዝገብ አለበት፦ የትኛው ሪሌ ነበር፣ ችግሩን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ለመጠገንስ ስንት? ብዙ ጊዜ የሚባክነው በፍለጋው ነው። በእጅ ያለው ሥዕል ባለፉት ዓመታት የተቀየሩትን ሽቦዎች ስለማያሳይ፣ ባለሙያው መልቲሜትር ይዞ ነጥብ በነጥብ ይሄዳል። በፒኤልሲ ግን የትኛው ሴንሰር ምልክት እንዳልሰጠ በመሣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትነግረዋለች።

መዝገቡ በሦስት ወር ውስጥ መስመሩ 60 ሰዓት እንደቆመ፣ ከዚያ 21 ሰዓቱ በፓኔሉ ምክንያት እንደሆነ አሳየ እንበል። ቀሪው 39 ሰዓት የክዳን መግጠሚያው፣ የባዶ ጠርሙስ እጥረትና የመብራት መቋረጥ ነው። እነዚህን ፒኤልሲ አያድናቸውም፤ ወደ ሒሳቡ ማስገባትም ሥራ አስኪያጁን ማሳሳት ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ኢሜይል እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የመስመር 2 የሪሌ ፓኔልን በፒኤልሲ ለመተካት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የመስመር 2 ፓኔል ባለፉት ሦስት ወራት በወር በአማካይ 7 ሰዓት ምርት አቁሞብናል። ይህ በወር 84,000 ጠርሙስ ወይም 3,500 ሳጥን ነው። ከአንድ ጠርሙስ የሚቀረን 3 ብር ቢሆን 252,000 ብር ይሆናል። አዲሱ ሥርዓት መቆሙን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል አልልም፤ ሁለት ሦስተኛውን ቢቀንስ በወር 168,000 ብር እናድናለን። ሥራው መለዋወጫና ሥልጠናን ጨምሮ 1,800,000 ብር ይፈጃል፤ ወጪውም በ11 ወር ገደማ ይመለሳል። ከጠርሙስ የሚቀረን 2 ብር ብቻ ቢሆን 16 ወር ይወስዳል። ሥራውን በዓመታዊው የጥገና እረፍት ለመፈጸም ዕቃው አስቀድሞ መታዘዝ ስላለበት፣ ውሳኔዎን እስከዚህ ወር መጨረሻ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመቆሚያ መዝገቡና የዋጋ ማቅረቢያዎቹ ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር»

ብሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ ትክክለኛውን የሚሰጠው የፋይናንስ ክፍሉ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የጠርሙሱን መሸጫ ዋጋ መውሰድ ነው፤ መስመሩ ሲቆም ስኳሩም ክዳኑም አልወጣም፣ የቀረው ትርፉ ብቻ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ፋብሪካው የጎደለውን ምርት እሑድ አካክሶ የሚሸጥ ከሆነ፣ ኪሳራው የጠርሙሶቹ ትርፍ ሳይሆን የትርፍ ሰዓት ክፍያው ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ በጣም ያንሳል፤ ጥያቄውም ለአንድ ዓመት ቢቆይ እውነተኛው መልስ እሱ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ሥራ አስኪያጆች መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «ሪሌ ቢበላሽ ገበያ ወጥተን እንገዛለን፤ ፒኤልሲው ቢቃጠልስ የውጭ ምንዛሪ እንጠብቅ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ ነው በ1,800,000 ብሩ ውስጥ አንድ ተጠባባቂ ዋና ክፍል፣ አንድ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይና የመግቢያና የመውጫ ካርዶች ከመጀመሪያው መታዘዝ ያለባቸው። ጠርሙስ ማጠቢያው አጠገብ እንፋሎትና ውኃ ስለሚበዛ ፓኔሉም ውኃ የማያስገባና ሙቀቱ የተጠበቀ መሆን አለበት።

ሪሌ በሙሉ ይጠፋል ማለትም አይደለም። ትልልቅ ሶሌኖይዶችን ለማንቀሳቀስ በፒኤልሲውና በቫልቩ መካከል ትንንሽ ሪሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሲያልቁ ተነቅለው በደቂቃ ይቀየራሉ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ደግሞ በተራ ፒኤልሲ ፕሮግራም ላይ ብቻ መመካት የለበትም። ቁልፉ ሲጫን ለሞተሮቹ የሚሄደውን ኃይል የሚቆርጠው ለዚሁ የተሠራ የደህንነት ሪሌ ነው። ይህንን ለቁጠባ ብሎ የሚያስቀር የዋጋ ማቅረቢያ ከመጣ፣ ርካሽ ቢሆንም መመለስ አለበት።

በርክክቡ ቀን መጀመሪያ ሞተሮቹ ኃይል ሳያገኙ እያንዳንዱ ሴንሰር በእጅ እየተነካ ትክክለኛው የመግቢያ መብራት መብራቱ ይታያል፤ ቀጥሎ መውጫዎቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠርሙስ የሚገባው። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ፋብሪካው በይለፍ ቃል ያልተቆለፈውን ፕሮግራም ከነማብራሪያው፣ የአዲሱን ሽቦ ሥዕልም ከፓኔሉ ጋር አመሳክሮ ከተረከበ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ በአስገጣሚው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ቀጣዩ ብልሽት የሚጠብቀው የእሱን ስልክ መነሣት ነው።