ስላ ምንም የማታወጣው ድመት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ቡና ከሚከማችበት ቤት ድመት አትጠፋም፤ የጀንፈሉን ጆንያ ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት። አንዳንዷ ታዲያ በድንገት ደረቷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ አንገቷን ዘርግታ ትስላለች። ቤተሰቡም «ጸጉሯን ውጣ ነው፣ ትተፋዋለች» ብሎ ያልፈዋል። ሳሉ ከተመላለሰ ግን አስም ሊሆን ይችላል።

ጸጉር የምታስወጣ ድመት የሚንጣት ሆዷ ነው። ጎኗ በኃይል እየተኮማተረ ታቅለሸልሻለች፣ መጨረሻ ላይ ጣት የሚመስል እርጥብ ጸጉር መሬት ላይ ይወድቃል። አስም ያለባት ሳሉ ሲያበቃ ምራቋን ትውጣለች፤ መሬቱ ላይ ምንም የለም። ደረቷ ላይ ጆሮ ሲያስጠጉ፣ በተለይ አየር ስታስወጣ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማ ይሆናል። ሐኪም ፊት ብዙ ጊዜ ስለማትስል፣ ስትስል በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ከብዙ ገለጻ ይሻላል።

አስም የሚነሣው ሰውነቷ በምትተነፍሰው ነገር ሲቆጣ ነው። የአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ ያብጣል፣ አክታ ይሞላል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፤ የገባው አየር መውጫ ያጣል። በዚህ ዝናባማ አገር ጥርጣሬዬ መጀመሪያ የሚያርፈው በእርጥብ ጆንያ ሻጋታ፣ በመፈልፈያው አቧራ፣ በማገዶ ጭስና በዕጣን ላይ ነው። ቡና በሚቆላበት ሰዓት ድመቷን ወደ ውጭ ማውጣት ቀላሉ እርዳታ ነው።

አይጥ የምትበላ ድመት ደግሞ የሳንባ ትል ሊይዛት ይችላል፤ ሳሉም ያው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ዓይነ ምድሯን ቢመረምር ወይም የትል መድኃኒት ቢሰጣት ይመረጣል።

4 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ድመት እንውሰድ። ሐኪሙ አስም መሆኑን ካመነበት ብዙውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ያዝላታል፤ ሲጀመር በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ሊሆን ይችላል። ሳሉ ሲበርድ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም። ኪኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የስኳር በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሲገኝ ወደ ሳንባ የሚነፋ ስቴሮይድ ይተካዋል። ለዚህም ስፔሰርና ፊቷን የሚሸፍን ትንሽ ጭምብል ያስፈልጋል፤ አንዴ ተነፍቶ ከ7 እስከ 10 ጊዜ እንድትተነፍስበት ይያዛል። ውጤቱ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ መሐል ኪኒኑን መቁረጥ አይገባም። ሳልቡታሞል ቧንቧውን የሚከፍተው በጭንቅ ሰዓት ነው፤ እብጠቱን ግን አያድንም። ፓራሲታሞል ደግሞ ድመትን ይገድላል፣ ከቶ አይሰጥም።

ሕክምናው መሥራቱን ለማወቅ፣ ድመቷ ተኝታ ሳለ ደረቷ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይቆጠራል። ከ30 በታች ጥሩ ነው፤ በተከታታይ ቀናት ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ይማከራል። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ድዷ ሰማያዊ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ትወሰድ።