የእማዬን እግር ያሳበጠው ኩላሊት ነው ወይስ ኪኒን?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ እግር እብጠት ነው። «ደግሞ ይሄ የሽማግሌ በሽታ እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። ታሪኩን ያጫወተችኝ የ23 ዓመት ወጣት ናት። የታመሙት እናቷ ናቸው፤ እንቅልፍ ያጣችው ግን እሷ ነበረች።

እናትየው 56 ዓመታቸው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ትንሽ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ይውላሉ። የደም ግፊት እንዳለባቸው ሲታወቅ ሐኪሙ አምሎዲፒን የሚባለውን ኪኒን በቀን አንዴ 5 ሚሊግራም አዘዙላቸው። ግፊታቸው ቀነስ አለ እንጂ በቂ አልሆነም። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ተደረገ። ያኔ ግፊታቸው 130 በ80 ገባ፤ ቤተሰቡም እፎይ አለ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን እናትየው ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ የካልሲያቸው ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጉድጓድ ሰርቶ ይታይ ጀመር። ጠዋት ደህና ናቸው፤ እየመሸ ሲሄድ ሁለቱም እግራቸው ይነፋል። ልጅቷ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ብትለቀው ጣቷ ያረፈበት ቦታ ሰርጎ ቀረ። ጎረቤት ታዲያ ምን አለ? «ኩላሊቷ ነው! እግር ካበጠ ኩላሊት ነው!» ልጅቷ ያን ለሊት እናቷን በማሽን ደማቸው ሲታጠብ በሐሳቧ እያየች አነጋች።

በማግስቱ እናቷን ይዛ በቅርብ ወዳለ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ፉሮሰማይድ የሚባል የሽንት ማብዣ ኪኒን ታዘዘላቸው። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ሱቃቸውን እየጣሉ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ ሥራቸው። አፋቸው ይደርቃል፤ ለሊት ባታቸውን ቁርጥማት ይይዛቸዋል። እግራቸው ግን ያው እንዳበጠ ነው።

በመጨረሻ እናትየው ለማንም ሳይናገሩ የግፊቱን ኪኒን ተዉት። እግራቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሽሽ ብሎ ቀጠነ። «አያችሁ፣ መርዝ ሲያጠጡኝ ነበር!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ተደሰተ። አንድ ቀን ግን ራሴን ወጋኝ ብለው ሱቁ ውስጥ ቁጭ አሉ። ፋርማሲ ሲለኩ ግፊታቸው 185 በ110 ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ግን የማውቃቸውን አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪምና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ አስቸገርኳቸው። ያስረዱኝን በራሴ አነጋገር ላካፍላችሁ።

ኪኒኑ እግርን እንዴት ያሳብጣል?

አምሎዲፒን ካልሲየም ቻናል ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ኒፌዲፒንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የደም ሥራችን ግድግዳ ውስጥ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። መድኃኒቱ የካልሲየሙን መግቢያ በር ይይዝበታል። ጡንቻው ይላላል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ችግሩ መድኃኒቱ የሚያሰፋው በአብዛኛው ደም ቅዳዎቹን፣ ማለትም ደም ወደ እግር የሚያመጡትን ትንንሽ ሥሮች መሆኑ ነው። ደም መልሶቹ፣ ማለትም ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱት፣ በዚያው ልክ አይሰፉም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ፣ ግድግዳቸው ስስ የሆነ የደም ሥሮች አሉ።

እዚህም እዚያም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው አሮጌ የውሃ ጎማ አስቡ። ቧንቧውን በሰፊው ከፍታችሁ የጎማውን ጫፍ ግን ጠበብ አድርጋችሁ ብትይዙት ውሃው በየቀዳዳው ይንጠባጠባል። እግር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። መግቢያው ሰፋ፣ መውጫው ግን እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ መሐል ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ጫናው ይጨምርና ከደሙ ውሃው ብቻ እየሾለከ ሥጋው መሐል ይጠራቀማል። ሰው ሲቆም ደግሞ የደሙ ክብደት ሁሉ ወደ ታች ስለሚጫን የሚያብጠው ቁርጭምጭሚት ነው። ጠዋት የሚጎድለውና ማታ የሚሞላውም ለዚህ ነው።

አሁን የሽንት ማብዣው ለምን እንዳልሠራ ይገባችኋል። የእናትየው ችግር በሰውነታቸው ውስጥ ውሃ መብዛቱ አልነበረም፤ ውሃው ቦታ መሳቱ ነው እንጂ። ትርፍ ውሃ የሌለውን ሰው በግድ ማሸናት ደግሞ ጨዎቹን ያራቁታል፣ ያዞረዋል፣ ባቱን ያስይዘዋል። ለአንድ ኪኒን ጠንቅ ሌላ ኪኒን፣ ለዚያም ሌላ እየተጨመረ የሚሄደው እንዲህ ነው።

መጠኑ ልዩነት ያመጣል

የመድኃኒቱ አምራች የሚያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው በቀን 5 ሚሊግራም ከሚወስዱ 100 ሰዎች እግራቸው የሚያብጠው 3 ያህሉ ናቸው። 10 ሚሊግራም ከሚወስዱት ግን ወደ 11 ይደርሳሉ። በሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች ይበልጣል። የልጅቷ እናት ታሪክ ከዚህ ጋር ልክክ ይላል፤ በ5 ምንም አልነበራቸውም፣ በ10 አበጡ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ግፊታቸው 185 ከገባ በኋላ ልጅቷ እናቷን ወደ መጀመሪያው ሐኪም መለሰቻቸው። በዚህ ጊዜ ግን ባዶ እጇን አልሄደችም። እናቷ የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛ ሄደች። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እናቴ፣ እግርዎ ማበጥ የጀመረው ኪኒኑ ከመጨመሩ በፊት ነው በኋላ?»

ሐኪሙ በግምት ብቻ አላለፉም። ልባቸውን አዳመጡ፣ ሽንታቸው ፕሮቲን እንዳለው አስመረመሩ፣ በደም ምርመራም የኩላሊታቸውን ሥራና የፖታሲየማቸውን መጠን አዩ። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ፉሮሰማይዱን አስቆሙ፣ አምሎዲፒኑን ወደ 5 ሚሊግራም መለሱ፣ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመሩ።

ኢናላፕሪል ለምን ተመረጠ? ይኼኛው ደም መልሶቹንም ጭምር ስለሚያላላ ነው። በጎማው ምሳሌ ብንሄድ ጠቦ የተያዘውን ጫፍ ለቀቅ እንደማድረግ ነው። መሐል ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ግፊቱም በሁለቱ መድኃኒቶች ኃይል ይወርዳል። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የሆኑትና ሎሳርታንን የመሳሰሉትም በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። ግን ለሁሉም ሰው አይሆኑም። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስይዛል። ሁለቱንም ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። ከጀመሩ በኋላም የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራው ይደገማል። እንዲህ ካልተስማማ አምሎዲፒኑን ሙሉ በሙሉ በሌላ ዓይነት መለወጥም ይቻላል። ይህ ሁሉ የሐኪም ሥራ ነው፣ የእኔና የናንተ አይደለም።

የእኛ ድርሻ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ቆሞ የሚውል ሰው በየመሐሉ ትንሽ ይራመድ፤ ባት ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና። ማታ ጋደም ብሎ እግሩን በትራስ ከልቡ ከፍ ያድርግ። እግር የሚይዝ ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲም ይረዳል፤ ነገር ግን ስኳር ያለበት ወይም የእግሩ የደም ዝውውር ደካማ የሆነ ሰው ሳያማክር አያድርገው። ጨው መቀነስ ለግፊቱ ጥሩ ነው፤ ይህን ዓይነቱን እብጠት ግን ብቻውን አያጠፋውም።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አንዱ ኪኒን ግማሹ እስኪያልቅ አንድ ቀን ተኩል፣ እስከ ሁለት ቀንም ይፈጃል። ስለዚህ መጠኑ በተቀነሰ ማግስት እግሩ ካልቀጠነ አትደንግጡ። ልጅቷ ሁሌም ማታ በአንድ ሰዓት ላይ የእናቷን ቁርጭምጭሚት በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካች ከግፊታቸው ጋር ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቁርጭምጭሚታቸው ሁለት ሴንቲሜትር ቀንሶ ነበር። ግፊታቸውም 134 በ82 ሆነ።

ኪኒኑ ነው ብላችሁ የማትዘናጉበት ጊዜ

እግር ያበጠ ሁሉ የአምሎዲፒን ጦስ ነው ማለት አይደለም። ጎረቤት ያነሳው የኩላሊት ጉዳይም ጨርሶ ከንቱ አልነበረም፤ ስህተቱ ሳይመረመር መወሰኑ ነው። የኪኒኑ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን እግር እኩል ይይዛል፣ ማታ ይብሳል፣ ብዙም አያምም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ጋደም ማለት ካቃተ፣ ልብ መታየት አለበት። ጠዋት ፊትና የዓይን ሥር ካበጠ ወይም ሽንት አረፋ ካበዛ ደግሞ ኩላሊት። ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ መድኃኒቱን ደግሞ ሳይውጥ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን እናታችሁ ወይም አባታችሁ የግፊት ኪኒናቸውን በገዛ እጃቸው እንዳይጥሉት። ያበጠ እግር ይታያል፣ ያስፈራልም። 185 የገባ ግፊት ግን አይታይም። ጭንቅላት ውስጥ ደም የሚያፈሰው እሱ ነው፤ ያበጠው ቁርጭምጭሚት አይደለም። እናንተ እንዲህ አድርጉ። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ መቼ እንደተጀመሩና መቼ እንደተጨመሩ፣ እግር ያበጠበትንም ቀን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት።

ልጅቷን ስንለያይ «አሁንስ እማዬ ምን ይላሉ?» አልኳት። ሳቀች። «ሲመሽ ትንሽ ነፋ ይልባታል፣ ግን ጫማዋ ይገባላታል። አሁን ጎረቤት እግሩ ሲያብጥ ‹ኪኒንህን አምጣ እስቲ ልየው› የምትለው እሷ ናት» አለችኝ።