ትንሿ ወርቅ ለምን ትወደዳለች?

ሚንት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ «ጎልድ ኢግል» የተሰኘውን የወርቅ ሳንቲም ከፈረንጆቹ 1986 ጀምሮ ያወጣል። ሳንቲሙ የሚመረተው በአራት መጠን ነው፤ ባለ አንድ አውንስ፣ ባለ ግማሽ፣ ባለ ሩብና ባለ አንድ አሥረኛ። ለቁጠባ የሚገዛውን ዓይነት ሚንት ለተራው ሰው በቀጥታ አይሸጥም። ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ትልልቅ ነጋዴዎች ይረከቡትና ለቸርቻሪዎች ያከፋፍላሉ። ሚንት ለእነዚህ ነጋዴዎች ለረጅም ዓመታት ሲሸጥ የኖረበት ሒሳብ ደግሞ የአደባባይ ምስጢር ነው። በዕለቱ የወርቅ ዋጋ ላይ ለአንድ አውንሱ 3 በመቶ፣ ለግማሹ 5፣ ለሩቡ 7፣ ለአንድ አሥረኛው 9 በመቶ ይጨምራል።

ወርቁ አንድ ነው። የጥራት ደረጃውም አንድ ነው፤ አራቱም ባለ 22 ካራት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ለሒሳብ እንዲመች የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 3,000 ዶላር ነው እንበል። ትልቁ ሳንቲም ነጋዴው እጅ የሚደርሰው በ3,090 ዶላር ነው፤ ጭማሪው 90 ዶላር መሆኑ ነው። ትንሹ ሳንቲም ውስጥ ያለው ወርቅ 300 ዶላር ያወጣል፤ ነጋዴው የሚከፍለው ግን 327 ነው። የወርቁ መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ጭማሪው አብሮ ወደ 9 ዶላር አልወረደም፤ 27 ላይ ቆመ። አሥር ትንንሾችን ሰብስቦ አንድ አውንስ የሚያሟላ ሰው ወርቁን በ3,270 ገዛ ማለት ነው። ያንኑ ያህል ወርቅ በአንድ ሳንቲም ከያዘው ሰው 180 ዶላር አብልጦ ከፈለ። ይህ እንግዲህ አከፋፋዩና ቸርቻሪው ገና ትርፋቸውን ሳይጨምሩ ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ያሠራ ሰው ነገሩን በሌላ ስም ያውቀዋል፤ የእጅ ዋጋ ይለዋል። ወርቅ ሠሪው በግራሙ ላይ ስለ ድካሙ ይጨምራል፤ ለስስና ለጥልፍልፍ ሥራ ደግሞ የበለጠ ይጠይቃል። በዓለም ገበያ ፕሪሚየም የሚባለው ጭማሪ አንዱ ክፍል ይኸው የእጅ ዋጋ ነው። የቀረው የማጓጓዣ፣ የመድን፣ የነጋዴ ትርፍና የፈላጊ ብዛት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን «ስፖት» የተባለውን ዋጋ ሲያይ ነው። ስልኩ ላይ የሚያየውን ቁጥር እንደ መሸጫ ዋጋ ይቆጥረውና ሱቅ ገብቶ ሌላ ሲነገረው የተታለለ ይመስለዋል። ስፖት የጅምላ ዋጋ ነው። ባንኮችና ትልልቅ ነጋዴዎች በለንደን ገበያ እርስ በርስ የሚገበያዩበት ሲሆን፣ መለኪያ የሚሆነው ጥፍጥፍም በማንም ኪስ የሚገባ አይደለም። ከ350 እስከ 430 አውንስ፣ በተለምዶ ወደ 400 አውንስ ይመዝናል፤ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከላይ በያዝነው ዋጋ ስናሰላው አንዱ ጥፍጥፍ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ጥፍጥፍ ከካዝና ሳይወጣ ባለቤቱ በመዝገብ ላይ ይቀያየራል። ስለዚህ ስፖት ማንም እጅ ላይ ገና ያልደረሰ፣ ያልተከፋፈለ፣ ያልታሸገ ወርቅ ዋጋ ነው።

ይህ ትልቅ ጥፍጥፍ አንድ ግራም እስኪሆን ያለው መንገድ ረጅም ነው። ትልቁን መሥራት ቀላል ነው፤ ወርቁ ይቀልጣል፣ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመዘናል፣ ማኅተምና ቁጥር ይመታበታል። የኪሎ ጥፍጥፍም በአብዛኛው የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ገጹ ሸካራ፣ ጠርዙ ዱልዱም ሆኖ ይወጣል። የአንድ ግራሙ ሥራ ሌላ ነው። ወርቁ በመጀመሪያ ረጅም ጥብጣብ ይሆናል፤ ጥብጣቡ በማሽን መካከል እየተመላለሰ የሚፈለገው ውፍረት ላይ እስኪደርስ ይሳሳል። ከዚያ ትንንሾቹ ቁራጮች ይወጡበታል። የተረፈው ወንፊት መሳይ ጥብጣብ እንደገና ወደ ማቅለጫው ይመለሳል። ቁራጮቹ ይታጠባሉ፣ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይመታሉ፣ አንድ በአንድ ይመዘናሉ፣ ቁጥር በተጻፈባቸው ካርዶች ውስጥ ይታሸጋሉ።

አንድ ኪሎ ወርቅ በኪሎ ጥፍጥፍ መልክ ሲወጣ አንድ ምዘና፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። በግራም ሲወጣ አንድ ሺህ ምዘና፣ አንድ ሺህ ምት፣ አንድ ሺህ ካርድ ይጠይቃል። ካርዱን ማተምና ማሸግ፣ ሱቅ ደርሶ መቁጠርና ደረሰኝ መቁረጥ በውስጡ ላለው ወርቅ መጠን ደንታ የላቸውም። 12 ዶላር የሚፈጅ ሥራና ትርፍ ዋጋው 96 ዶላር ገደማ በሆነ አንድ ግራም ላይ ሲያርፍ ከ12 በመቶ ይበልጣል። ይኸው ወጪ አምስት እጥፍ አድጎ 60 ዶላር ቢሆን እንኳ፣ 9,645 ዶላር በሚያወጣ የመቶ ግራም ጥፍጥፍ ላይ አንድ በመቶም አይሞላም። በብር ላይ ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ ያው፣ ድካሙ ያው፣ ማዕድኑ ግን ርካሽ ስለሆነ በመቶኛ ሲሰላ የብር ሳንቲም ጭማሪ ከወርቁ በብዙ ይልቃል።

ቅርጽ ራሱ ዋጋ እንዳለው ገበያው በግልጽ ያየው በመጋቢት 2020 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር። በስዊዘርላንድ ቲቺኖ ግዛት ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ታላላቅ ማጣሪያዎች፣ ቫልካምቢ፣ ፓምፕና አርጎር ሄሬየስ፣ በኮሮና ምክንያት በር ዘጉ፤ ወርቅ የሚጭኑ የመንገደኞች አውሮፕላኖችም ቆሙ። ለንደን ውስጥ ወርቅ ሞልቶ ነበር፤ ግን ባለ 400 አውንሱ ነው። የኒው ዮርክ የወደፊት ግብይት ውል በጊዜው የሚቀበለው ባለ 100 አውንስ ጥፍጥፍ ወይም ሦስት የኪሎ ጥፍጥፎችን ነበር። ትልቁን አቅልጦ ወደ ኪሎ የሚቀይረው ሰው እቤቱ ተቀምጧል። አውንሱ 1,600 ዶላር ገደማ በነበረበት በዚያ ሳምንት የኒው ዮርኩ ዋጋ ከለንደኑ ከ70 ዶላር በላይ ርቆ ሄደ፤ በደህና ቀን ልዩነቱ ከጥቂት ዶላር አያልፍም። የገበያው አስተዳዳሪዎች ባለ 400 አውንሱን የሚቀበል አዲስ ውል ለማውጣት ተጣደፉ። ወርቅ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው በሚፈለገው መጠን የተሠራ ወርቅ ነው።

እኩል የሚመዝኑ ጥፍጥፍና ሳንቲም ሲነጻጸሩም ሳንቲሙ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። የመንግሥት ስም አለበት፣ ሥዕሉ የረቀቀ ነው፣ የትም አገር ያለ ነጋዴ አይቶ ይለየዋል። ባለ አንድ አውንሱ ጎልድ ኢግል ላይ የተጻፈው 50 ዶላር ግን ለጌጥ ያህል ነው፤ ውስጡ ካለው ወርቅ ዋጋ ጋር አይገናኝም። አንዳንድ አገር ደግሞ ሕጉ ራሱ ለሳንቲሙ ያደላል። እንግሊዝ የሚኖር ሰው «ብሪታኒያ» ወይም «ሶቨሪን» ሳንቲም አትርፎ ቢሸጥ፣ ሳንቲሞቹ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ስለሆኑ፣ በካፒታል ዕድገት ላይ የሚጣለው ግብር አይነካውም። በጥፍጥፍ ያተረፈ ሰው ግን ሊከፍል ይችላል። ለዚህ ሰው ሁለትና ሦስት በመቶ ጨምሮ ሳንቲም መግዛት ኪሳራ ላይሆን ይችላል።

ዱባይ ዴይራ ወርቅ ገበያ ውስጥ ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል። በባህረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ወርቅ የሚገዙት በጌጥ መልክ ነው። በጌጡ ላይ የእጅ ዋጋ አለ፤ ከፈረንጆቹ 2018 ወዲህ ደግሞ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የጥራት ደረጃው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለቁጠባ የሚሆን ጥፍጥፍ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። በዚያው ገበያ «ቲቲ» የሚሉት ባለ አሥር ቶላ ጥፍጥፍ አለ፤ 116.64 ግራም ይመዝናል። የሕንድና የባህረ ሰላጤ ነጋዴዎች የቆየ ወዳጅ ነው። ያለ ካርድና ያለ ብዙ ማስዋብ ስለሚፈስስ ጭማሪው ትንሽ ነው። ልብስ ላይ ግን አያምርም፤ ሠርግ ቤትም ይዘውት አይሄዱም። ጌጥ የምትገዛዋ ሴት የምትከፍለው ለመታየቱም ጭምር ነውና ተሳስታለች ማለት ይከብዳል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን መሸጫው ላይ ነው። ነጋዴው ሁለት ዋጋ አለው፣ የሚሸጥበትና መልሶ የሚገዛበት። አንድ ሰው ባለ አንድ አውንስ ጥፍጥፍ ከስፖት 2 በመቶ ጨምሮ በ3,060 ዶላር ገዛ፣ ነጋዴው ደግሞ ከስፖት 1 በመቶ ቀንሶ በ2,970 ይመልሳል እንበል። ገዢው ካወጣው ላይ ለመድረስ ወርቅ ወደ 3 በመቶ መጨመር አለበት። ባለ አንድ ግራሙን በ108 ዶላር ከ45 ሳንቲም የገዛውና ከስፖት 3 በመቶ ተቀንሶ የሚመለስለት ሰው ግን ወርቅ 16 በመቶ ገደማ እስኪጨምር ይጠብቃል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ከነጋዴ ነጋዴ፣ ከወር ወር ይለያያሉ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት መጠየቅ ያለበት «ዛሬ ይህንኑ ይዤ ብመጣ ስንት ትሰጠኛለህ?» ብሎ ነው። ሁለቱን ዋጋ በውስጡ ባለው ንጹሕ ወርቅ ግራም አካፍሎ ማስተያየት ነው። ግራሙ ሲቆጠር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለ አንድ አውንሱ ጎልድ ኢግል ሚዛን ላይ 33.93 ግራም ይላል፣ ንጹሕ ወርቁ ግን 31.1 ነው። የቀረው እንዲጠነክር የተቀላቀለበት ብርና መዳብ ነው።

ትልቁ ጥፍጥፍም የራሱ ጣጣ አለው። ለልጅ ትምህርት ቤት 2,000 ዶላር ያስፈለገው ሰው ከኪሎው ላይ ቆርጦ አይሸጥም። የሐሰት ሥጋትም ከትልቁ ጋር ያድጋል። ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከወርቅ ጋር ሊለይ እስከማይችል ይቀራረባል፤ በወፍራም ጥፍጥፍ ሆድ ውስጥ ቢደበቅ ሚዛንና ማስመሪያ ብቻ አይይዙትም። ስለዚህ ከታወቀ ካዝና ወጥቶ በሰው ቤት የቆየ ትልቅ ጥፍጥፍ ሲመለስ ገዢው በድምፅ ሞገድ ልፈትሽ ወይም አቅልጬ ልየው ሊል ይችላል፤ ወጪውም በሻጩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአንጻሩ ተንግስተን ጠንካራና ተሰባሪ በመሆኑ ስስ ሳንቲም ላይ ረቂቅ ሥዕል አድርጎ ማተም ይከብዳል።

ቫልካምቢ ትልቁንና ትንሹን ለማስታረቅ «ኮምቢባር» የተባለውን ሠርቷል። 50 ግራም ጥፍጥፍ ነው፤ ግን እንደ ቸኮሌት አንድ አንድ ግራም እየሆነ በእጅ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ታሽጎ ስለሚወጣ ሃምሳ የተለያዩ ግራሞችን ከመግዛት ይረክሳል፤ ከአንድ ወጥ የ50 ግራም ጥፍጥፍ ግን ይወደዳል። ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዷ ግራም የራሷ እሽግ ስለሌላት፣ የሚገዛት ነጋዴ አንድ በአንድ መርምሮ ነው የሚከፍለው።